ለእድር ዳኞችና ለወላጅ ኮሚቴዎች፦ ሳትጠይቁ አትላኩ

እኩዮቼ፣ ይህን የምጽፈው በባቱ ከተማ እድር ለምትመሩ፣ የእድር መዝገብ ለምትይዙ፣ በትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ለምትሠሩና በእነዚህ ሁሉ ስም የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ ግሩፕ ለከፈታችሁ ነው። የአባላትን ስም ከነስልክ ቁጥራቸው በፎቶ አንስታችሁ ግሩፕ ላይ የምትለጥፉ፣ የሰው ልጅ ፎቶ ወላጁን ሳትጠይቁ የምትለቁ ከሆነ አቁሙ። ክፋት አስባችሁ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለሥራ እንዲቀል፣ አንዳንዴም ለደስታ ብላችሁ ነው። ነገር ግን ጉዳቱ የሚደርሰው ባላሰባችሁት ሰው ላይ ነው፤ ከደረሰ በኋላ ደግሞ የምትመልሱበት መንገድ የላችሁም።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ እድር እንውሰድ። ጸሐፊው ትጉህና ታማኝ ሰው ነው። አባላት ያልከፈሉትን ወር ራሳቸው እንዲያዩ ብሎ መዝገቡን ገጽ በገጽ በስልኩ ያነሳና ግሩፑ ላይ ይለቀዋል። በእያንዳንዱ መስመር ላይ የአባሉ ሙሉ ስም፣ የባለቤቱ ስም፣ የሚኖርበት ሰፈርና የቤት ቁጥር፣ ስልኩ፣ ውዝፍ ዕዳው ተጽፏል። ጸሐፊው በልቡ ይህን የሚያዩት የእድሩ ሰዎች ብቻ ናቸው ብሎ ያምናል። የግሩፑን አባላት ዝርዝር ከፍቶ አንድ በአንድ ቢያይ ግን ሌላ ነገር ያገኝ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሰፈሩን ለቀው የሄዱ ተከራዮች አሉ። ዓረብ አገር ያሉ የአባላት ልጆች አሉ። ወንበርና ድንኳን የሚያከራየው ሰው ለአንድ ለቅሶ ተብሎ ገብቶ አልወጣም። በሊንክ የገቡ፣ ስማቸው በሁለት ፊደልና በአበባ ሥዕል ብቻ የተጻፈ፣ ማንም የማያውቃቸው አሉ። የግሩፑ ሊንክ አንዴ ከተላከ ማን ለማን እንዳስተላለፈው አይታወቅም። አዲስ ገቢዎች የቆየውን መልእክት እንዳያዩ አድሚኑ ካልዘጋ ደግሞ፣ ዛሬ የገባ ሰው የዛሬ ዓመት የተለጠፈውን መዝገብ ወደ ላይ እየገፋ ሊያነብ ይችላል።

አሁን ይህ ዝርዝር በአጭበርባሪ እጅ ሲገባ ምን እንደሚያደርግበት ተመልከቱ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የስልክ ቁጥራችን መደዋወያ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ የገንዘብ ሒሳባችን መጠሪያ ሆኗል። አጭበርባሪው ስልክ ቁጥር ብቻ ቢያገኝ የሚደውለው በግምት ነው፤ እኛም «ማን ልበል?» ብለን እንዘጋበታለን። መዝገቡ በእጁ ሲሆን ግን እንዲህ ብሎ ይደውላል፦ «እትዬ፣ እንደምን አደሩ፤ ከእድራችን ነው የምደውለው። የሦስት ወር ውዝፍ እንዳለብዎት ያውቃሉ። ከእንግዲህ ክፍያው በስልክ ሊሆን ስለሆነ እርስዎን እየመዘገብኩ ነው። አሁን በመልእክት ቁጥር ይገባልዎታል፤ ያንን ያንብቡልኝ።» ስሟን ያውቃል፣ የእድሯን ስም ያውቃል፣ የሦስት ወሩ ውዝፍም እውነት ነው። እንዴት ትጠርጥር? የገባላት ቁጥር የቴሌግራም መግቢያ ኮድ ነው። አንብባ በሰጠችው ደቂቃ አካውንቷ በእሱ ስልክ ላይ ይከፈታል።

ከዚያ በኋላ የሚጎዳው እሷ ብቻ አይደለችም። በእሷ ስምና በእሷ ፎቶ ለግሩፑ አባላት በየግል መልእክት ይላካል፦ «ልጄ ድንገት ታማ ሐኪም ቤት ነኝ፣ እስከ ማታ የምመልሰው ትንሽ ብር በዚህ ቁጥር ላኩልኝ።» በእኛ ሰፈር ልጇ ታማለች የተባለችን እናት የሚጠይቅ እንጂ የሚጠራጠር የለም። ደግነታችን ራሱ መያዣችን ይሆናል። ምልክቱ አንድ ነው፦ ብር ላኩ የተባለበት ቁጥር የእሷ አይደለም፤ በቴሌብር ከመላካችሁ በፊት የሚወጣላችሁ የተቀባይ ስምም የሌላ ሰው ነው። እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሳችሁ በጽሑፍ አትመልሱ፤ በቀድሞ ቁጥሯ በቀጥታ ደውሉና ድምጿን ስሙ።

ገንዘብ ግን ይተካል። የማይተካው ሌላ ነው። ባቱ ከየአገሩ ሰው ተሰብስቦ የሚኖርባት ከተማ ናት። በአበባ እርሻዎቹ ከሚሠሩት ሴቶች ብዙዎቹ ከሩቅ የመጡ ናቸው። ከእነሱ መካከል ከሚደበድብ ባል ሸሽታ ልጇን ይዛ የመጣች አትጠፋም። ቁጥሯን ቀይራለች፤ የት እንዳለች ለወንድሟ እንኳ አልነገረችም ይሆናል። እድር የገባችው ብትታመም የሚጠይቃት፣ ብትሞት የሚቀብራት እንዳይጠፋ ነው። ለጸሐፊው ስልኳን የሰጠችው ለዚያ ብቻ ነው። እኛ ግን ስሟን፣ አዲሱን ቁጥሯን፣ የተከራየችበትን ግቢ በአንድ ገጽ ላይ አድርገን ስንለቅ፣ ባሏ የሚያውቀው አንድ ሰው ግሩፑ ውስጥ መኖሩን አናውቅም። እሷም ቆማ «እኔ ቁጥሬ እንዳይወጣ» ብትል ምክንያቷን ልንጠይቃት ነው፤ ምክንያቷ ደግሞ በአደባባይ የሚነገር አይደለም። ስለዚህ ነው ፈቃድ ስንጠይቅ «ለምን?» የሚል ጥያቄ መጨመር የሌለብን። አይሆንም ያለ ሰው አይሆንም ብሏል፤ በቃ።

የልጆች ፎቶ ላይ ስመጣ ቃሌ ይከብዳል። ሰኔ ሲመጣ የመዋዕለ ሕፃናት ምረቃ አለ። ትንንሾቹ ጥቁር ካባ ለብሰው፣ ቆብ ደፍተው ሲቆሙ ማየት ለማንኛችንም ደስታ ነው፤ ይህን የሚጠላ የለም። ፎቶው ግሩፕ ላይ ሲለጠፍ ግን ከካባው ሥር ያለውን ነገር አስተውሉ። የደንብ ልብሱ ኪስ ላይ የትምህርት ቤቱ ስም አለ። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው ባጅ ስሙን፣ ክፍሉን፣ አንዳንዴም የአባቱን ስልክ ይዟል። ከኋላው የቆመው የሰርቪስ ባጃጅ ሰሌዳው ይነበባል። መምህሯ በፍቅር ብዛት ከፎቶው በታች የልጁን ስም ከነአባቱ ጽፋለች። እናቱም «የኔ ጀግና» ብላ መልሳለች፤ የእናቱም ስም በዚያው ታወቀ። የስድስት ዓመት ልጅ እንግዳን ከዘመድ የሚለየው ስሙን በማወቁ ነው። በሩ ላይ ቆሞ በስሙ ጠርቶ፣ የእናቱን ስም ጠቅሶ፣ «እማማ ዛሬ አልመጣም፣ አንተን አምጣልኝ ብላኛለች» ላለው ሰው እጁን ይሰጣል። የስልክ ዝርዝሩም በዚያው ግሩፕ ላይ ካለ፣ ለወላጅ ደውሎ ለማስደንገጥና ገንዘብ ለመጠየቅ የቀረ ነገር የለም። ሰው አግቶ ለቤተሰብ እየደወሉ ገንዘብ መጠየቅ በክልላችን የስንቱን ቤት እንዳናወጠ እያወቅን፣ የልጅን ፊት፣ ስም፣ ትምህርት ቤትና የወላጅ ስልክ አንድ ቦታ ሰብስቦ ማስቀመጥ ድፍረት ነው።

ሌላም አለ፤ ከዚህ ያነሰ የሚመስል፣ ለልጁ ግን ያላነሰ። የፈተና ውጤት ከነደረጃው ፎቶ ተነስቶ ይለጠፋል፤ የመጨረሻዋን ደረጃ ያገኘችው ልጅ ስም በሰፈሩ ሁሉ ስልክ ላይ ይዞራል። የደብተርና የደንብ ልብስ ርዳታ የተቀበሉ ልጆች ተሰልፈው ፎቶ ይነሳሉ። ለጋሹ እንዲያይ ነው ይባላል። ለጋሹ ማየት ያለበት ዕቃው መድረሱን ነው፤ ለዚያ ደረሰኝና የተረካቢ ወላጅ ፊርማ ይበቃል። ልጁ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ያን ፎቶ የክፍል ጓደኛው አውጥቶ ቢያሳየው ምን እንደሚሰማው ከእኛ ማን ጠየቀው?

አንድ ፎቶ ከአንድ አድራሻ ጋር ሲገጥም እስከ ምን እንደሚያደርስ አገራችን አይታለች። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ስማቸው፣ ፎቶግራፋቸውና የሚገኙበት ቦታ ከሐሰት ክስ ጋር በፌስቡክ ተለጠፈ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ከሌሎች ጋር ሆኖ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በ2015 ዓ.ም. ናይሮቢ በሚገኘው የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ያ ነገር የተጻፈው በጥላቻ ነው፤ የእኛ የእድር ግሩፕ ጥላቻ የለበትም። ነገር ግን ጥላቻ ያለው ሰው ፎቶና አድራሻ የሚፈልገው ተዘጋጅቶ ከተቀመጠበት ቦታ ነው። ብሔር ከብሔር፣ ሃይማኖት ከሃይማኖት ተቀላቅሎ በሚኖርባት በእኛ ከተማ የአባላትን ስም ከነቤት ቁጥር ደርድሮ በየስልኩ መበተን ምን ማለት እንደሆነ እድሜ ያለው ሰው ሊነገረው አይገባም።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም፤ እንዲያውም አንዱ ሕግ ከብዙዎቻችን ጋር እኩያ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ እሱ ፈቃድ በአደባባይ ሊታይ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ እንደማይገባ ይደነግጋል። አንቀጽ 28 ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ይዘረዝራል፤ ከእነዚያም አንዱ በሕዝብ ፊት ከተደረገ ነገር ጋር የተያያዘ ምስል ነው። «ምረቃው በአደባባይ ነው የተደረገው» የምትሉ በዚህ ትደገፉ ይሆናል። የምረቃው ሰልፍ ከሩቅ የታየበት ፎቶ አንድ ነገር ነው፤ የአንድን ሕፃን ፊት አቅርቦ፣ ስሙንና ክፍሉን ጽፎ መላክ ግን ስለ ልጁ እንጂ ስለ በዓሉ አይደለም። አዲሱ ሕግ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. አጽድቆታል፤ አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የስልክ ቁጥርም ሆነ የፊት ምስል አንድን ሰው የሚያሳውቅ የግል ዳታ ነው። ፈቃድ ሲባልም ሰውዬው ለምን እንደሚውል አውቆ፣ ሳይገደድ፣ ለዚያው ጉዳይ የሰጠው ፈቃድ ማለት ነው፤ ሲፈልግም መልሶ ሊያነሳው ይችላል። አንድ ሰው የልጁን ፎቶ በቤተሰቡ መካከል ቢላላክ ሌላ ጉዳይ ነው። የሌላውን ሰው መዝገብ የሚይዝ ትምህርት ቤትና እድር ግን «የቤተሰብ ነገር ነው» ብሎ ማለፍ የለበትም።

እንግዲህ እንዴት እንጠይቅ? እዚህ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያሰጋኝ የራሳችን ይሉኝታ ነው። የወሩ ስብሰባ ላይ የእድር ዳኛው ተነስቶ «ስልካችን ግሩፕ ላይ እንዲወጣ የማይፈልግ አለ?» ቢል እጁን የሚያወጣ አታገኙም። በታላላቆቹ ፊት፣ በጎረቤቱ ፊት፣ «ምን የሚደብቀው አለው?» መባልን ፈርቶ ሁሉም ዝም ይላል። እኛም ያን ዝምታ ስምምነት ብለን በቃለ ጉባኤ እንጽፋለን። ይህ ፈቃድ አይደለም። ፈቃድ የሚጠየቀው ለየብቻ፣ ሰው በሌለበት፣ ጊዜ ተሰጥቶ ነው። ያልመለሰ ሰው እንዳልፈቀደ ይቆጠራል።

ጥያቄውም አንድ አይደለም፤ መነጣጠል አለበት። ስልክዎ በጸሐፊው መዝገብ ላይ ብቻ ይቀመጥ? ለለቅሶ ጠሪውና ለገንዘብ ያዡም ይሰጥ? ለአባላት ሁሉ ይታይ? ለመጀመሪያው እሺ ያለ ለሦስተኛው እሺ አላለም። በትምህርት ቤትም እንዲሁ፦ የልጅዎ ፎቶ በክፍሉ ወላጆች ግሩፕ ውስጥ ይታይ? በትምህርት ቤቱ የፌስቡክ ገጽ ላይ ይውጣ? በሚታተም ማስታወቂያ ላይስ? ብዙ ትምህርት ቤቶች ይህን ሁሉ በምዝገባ ቅጽ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ጠቅልለው ያስፈርማሉ። ወላጅ ልጁን ለማስመዝገብ ሲል የፈረመው ፊርማ ነጻ ፈቃድ ነው ልንል አንችልም። ማንበብ ለማይችል አባል በቃል ይነገረው፤ አፋን ኦሮሞ ለሚቀለው በአፋን ኦሮሞ፣ ወላይትኛ ለሚቀለው በወላይትኛ። ወላጆች ተለያይተው ከሆነ ልጁን የሚያሳድገው ይጠየቅ። ልጁም ነፍስ ያወቀ ከሆነ ራሱ ይጠየቅ፤ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ አባቷ ፈቅዷል ተብሎ ፎቶዋ ሲዞር የምታፍረው እሷ ናት።

ለዕለት ሥራችን ዝርዝር መለጠፍ ፈጽሞ አያስፈልገንም። ውዝፍ ያለበትን ሰው ጸሐፊው ለብቻው በመልእክት ይንገረው። ውጤት ለየወላጁ በግል ይላክ። የልጆች በዓል ፎቶ ሲነሳ ባጁ ይውለቅ፣ ስም አይጻፍ፤ ከኋላ ወይም ከሩቅ የተነሳም የበዓሉን ደስታ ያሳያል። ሁለት ወላጆች አልፈቀድንም ካሉ የእነሱን ልጆች ብቻ ከሰልፍ አውጥታችሁ አታሳዝኗቸው፤ ሁሉም የሚገኙበትን ፎቶ አንሱና ለየወላጁ የልጁን ብቻ ስጡ፣ የጋራውን አትለጥፉ።

ስልካችሁ ላይም የሚስተካከል ነገር አለ። በዋትስአፕ ግሩፕ የገባ ሰው ቁጥሩ ለአባላት ሁሉ ይታያል፤ ስለዚህ ሰውን ሳይጠይቁ ዋትስአፕ ግሩፕ ውስጥ መጨመር ራሱ ቁጥሩን ማደል ነው። ቴሌግራም ይሻላል። እያንዳንዱ አባል Settings ገብቶ Privacy and Security፣ ከዚያ Phone Number የሚለውን ከፍቶ Nobody ቢመርጥ ቁጥሩ ለግሩፑ ሰዎች አይታይም። አድሚኑ ደግሞ Chat History for New Members የሚለውን Hidden ያድርገው፤ Restrict Saving Content የሚለውንም ይክፈተው፤ ፎቶ ወደ ሌላ ቦታ ማስተላለፍና ማስቀመጥን ይከለክላል። ይህ ሁሉ ግን አጥር እንጂ ግድግዳ አይደለም፤ የአንዱን ስልክ በሌላ ስልክ ፎቶ የሚያነሳን ሰው የሚከለክል ነገር የለም። መፍትሔው አለመለጠፍ ነው።

ፎቶ ለመልቀቅ ብዙ የማይጠበቅበት ጊዜም አለ፤ ልጅ ሲጠፋ። ያን ጊዜ ፎቶው በፍጥነት መሠራጨት አለበት፤ ግን የሚለቀቀው በወላጅ ወይም በአሳዳጊ ጥያቄ ነው፤ የሚጻፈውም የአንድ ኃላፊነት ያለበት ሰው ወይም የፖሊስ ስልክ ነው። ልጁ በተገኘ ዕለት ማስታወቂያው ከየግሩፑ ይነሳ፤ ያስተላለፈ ሁሉ ያስተላለፈበት ቦታ ተመልሶ ያጥፋ። የተገኘ ልጅ ፎቶ «ጠፋ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ለዓመታት ሲዞር ማየት የተለመደ ሆኗል፤ ይህ ለልጁም ለወላጁም ሌላ ሥቃይ ነው።

ቀድሞ የተለጠፈውስ? አድሚን የሆናችሁ የግሩፑን ፎቶዎች ከመጀመሪያው ጀምራችሁ እዩ። መዝገብ፣ ውጤት፣ የልጅ ፎቶ ያለበትን ከሁሉም ሰው ስልክ ላይ እንዲጠፋ አድርጋችሁ አጥፉ፤ ለራሳችሁ ብቻ ማጥፋት ምንም አይጠቅምም። በየሰው ጋለሪ የተቀመጠው ግን አይጠፋም፤ ስለዚህ ስሙ የወጣበትን ሰው ሁሉ በግል ደውላችሁ ንገሩት፦ ቁጥርህ ወጥቷል፣ በእድር ስም የሚደውል ካለ ኮድ እንዳትሰጥ፣ የቴሌግራምህን Two-Step Verification አብራ። ይህን መንገር ያሳፍራል፤ ቢያሳፍርም ይነገር። የግሩፑን አሮጌ ሊንክ ሰርዛችሁ አዲስ አውጡ፤ የማታውቁትን አባል ማን እንዳስገባው ጠይቁ፤ የሚያውቀው ከሌለ አስወጡት። በሚመጣው ወር ስብሰባ ላይ ይህ ጉዳይ ከለቅሶና ከመዋጮ በፊት በአጀንዳ ይያዝ፤ የእያንዳንዱ አባል መልስ ተሰብስቦ እስኪያልቅ ድረስም መዝገቡ ከጸሐፊው እጅ አይውጣ።